«ስትሪት»ን በአንድ ክፍለ ቃል ለማለት፦ ሰርጎ የሚገባውን «እ» ያስወጣሁበት ልምምድ

በሜሪላንድ ግዛት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ መኖር ከጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ገደማ፣ እንግሊዝኛ የማይናገሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ከልጆቻቸው መምህራን ጋር ሲገናኙ በነጻ አስተረጉምላቸው ነበር። አንድ ቀን አንዲት እናት፣ ልጃቸው ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መዋል እንደሚከብደውና ተጨማሪ የስፖርት ጊዜ ቢያገኝ ደስ እንደሚለው ለመምህርቷ እንድነግርላቸው ጠየቁኝ። እኔም «ልጁ ተጨማሪ ስፖርት ይፈልጋል» የሚለውን በአጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አስተላለፍኩ፤ መምህርቷም በአዎንታ ራሷን ነቅንቃ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ከሁለት ሳምንት በኋላ እናትየው ደወሉልኝ። ልጃቸው ትምህርት የሚከብዳቸው ተማሪዎች ተጨማሪ እገዛ በሚያገኙበት ዝርዝር ውስጥ ገብቶ፣ ጭራሽ የጨዋታ ሰዓቱን በዚያ ክፍል ማሳለፍ ጀምሮ ነበር። «ጋሼ፣ ኳስ ቢጫወት ደስ ይለዋል ነው ያልኩዎት እኮ፤ ትምህርት ይከብደዋል አልኩ እንዴ?» ሲሉኝ የምመልሰው ጠፋኝ።

ትምህርት ቤቱ ሄጄ ጉዳዩን ሳጣራ መምህርቷ የጻፈችውን አሳየችኝ። «ስፖርት» ሳይሆን «ሰፖርት»፣ ማለትም ድጋፍ የሚለውን ቃል ነበር የጻፈችው። እርሷ በትክክል ሰምታለች፤ ያሳሳትኳት እኔ ነኝ። በ«ስ» እና በ«ፖ» መካከል አንዲት አጭር «እ» አስገብቼ «ስእ-ፖርት» ብያለሁ፣ ለእንግሊዝኛ ጆሮ ደግሞ ይህ ከ«ሰፖርት» የሚለይበት መንገድ የለውም። ስህተቱ በዚያው ቀን ተስተካክሎ ልጁ ወደ ጨዋታው ቢመለስም፣ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የተነባቢዎችን መደራረብ እንደ ዋና ሥራ ይዤ ለአራት ወራት ያህል ተለማመድኩ። እዚህ የምጽፈው በእነዚያ ወራት የጠቀመኝንና ያልጠቀመኝን ነው።

የእንግሊዝኛ ቃላትን በፊደላችን ስለምጽፍ አስቀድሜ አንድ ነገር መግለጽ አለብኝ። «ስትሪት» ብዬ ስጽፍ፣ መንገድ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ባለቤቶቹ እንደሚሉት በአንድ ክፍለ ቃል ማለቴ ነው። እኛ የምንጨምረውን ድምፅ ማሳየት ስፈልግ ግን «እ»ን በግልጽ አስገብቼ «ስእ-ትእ-ሪት» ብዬ እጽፈዋለሁ። የመጀመሪያው አንድ ምት ሲኖረው ሁለተኛው ሦስት አለው፤ አድማጩን የሚያደናግረውም እነዚህ የተጨመሩት ሁለት ምቶች ናቸው።

ይህች «እ» ከየት እንደምትመጣ ሳላውቅ በፊት ስንፍና ወይም የምላስ ድክመት ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ግን ከፊደላችንና ከቋንቋችን ሥርዓት የመጣ ነው። ሳድስ ሆሄ ሁለት ዓይነት ንባብ አለው፦ አንዳንድ ጊዜ ከ«እ» ጋር፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ያለ ምንም አናባቢ ይነበባል። «ልብስ» የሚለውን ቃል ብንወስድ ሦስቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው፤ ይሁን እንጂ «ል» ብቻ «እ»ን ይይዛል፣ «ብ» እና «ስ» ግን ያለ አናባቢ ተጣብቀው ይወጣሉ። የትኛው ሳድስ «እ» እንደሚይዝ ፊደሉ አያሳየንም፤ የሚያውቀው ጆሯችን ነው። ጆሯችን ደግሞ ጥብቅ ሥርዓት አለው። በቃል መጨረሻ ላይ ሁለት ተነባቢዎችን በደስታ ይቀበላል፣ «ወርቅ»፣ «ድስት»፣ «ሦስት» እንደምንለው ሁሉ። በቃል መጀመሪያ ላይ ግን ሁለት ተነባቢዎች ሲገጥሙት በመካከላቸው «እ»ን ያስገባል፣ ወይም ከፊታቸው ያስቀምጣታል። አንዳንዶቻችን «ስእ-ፖርት»፣ ሌሎቻችን ደግሞ «እስ-ፖርት» እና «እስ-ታዲየም» የምንለው ከዚሁ የተነሳ ነው፤ ሁለቱም የአንድ ሥርዓት ሁለት መፍትሔዎች ናቸው።

በአማርኛ ንግግር ውስጥ ይህ ምንም ስህተት የለበትም። ከእናቴ ጋር ስነጋገር «እስፖርት» እላለሁ፣ ወደፊትም እንዲሁ እላለሁ። ማስተካከል የፈለግኩት እንግሊዝኛ በምናገርበት ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚህ ማብራሪያ አንድ ጠቃሚ ነገር ይከተላል። ችግራችን «ስ»ን ከ«ት» ጋር ማጣበቅ አለመቻል አይደለም፤ «ሦስት» የሚል ሰው «ስት»ን ያለ እንከን ያጣብቃል። ችግሩ ቦታው ላይ ነው። ስለዚህ እነዚህ ተነባቢዎች ተጣብቀው የሚገኙባቸውን፣ እኛው ራሳችን በየቀኑ የምንናገራቸውን ቃላት መፈለግ ጀመርኩ፤ ያገኘሁት ከጠበቅሁት በላይ ነበር። በልጅነታችን የስምንተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናን «ሚኒስትሪ» እንለው ነበር። ይህን ቃል በተለመደው ፍጥነት በሉትና ከመጀመሪያው «ሚኒ»ን ቁረጡ፦ የቀረው «ስትሪ» ነው። መጨረሻው ላይ «ት» ሲጨመርበት የምንፈልገው «ስትሪት» ይሆናል። «ሚኒስትሮች» ከሚለው «ሚኒ»ንና «ች»ን ስንቆርጥ «ስትሮ» ይቀራል፤ ይህም ጠንካራ ማለት የሆነው «ስትሮንግ» መነሻ ነው። «ማስትሬት» ከሚለው «ማ» ሲነሳ የሚቀረው፣ ቀጥ ያለ ማለት የሆነው «ስትሬት» እንዳለ ነው። ያን ሁሉ ጣጣ ያመጣብኝ «ስፖርት» ደግሞ «ፓስፖርት» በሚለው ቃል ውስጥ ሙሉ በሙሉ ተቀምጦ አገኘሁት።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። «ሚኒስትር» የሚለው ቃል ብቻውን ለልምምድ አይሆንም፤ በ«ት» እና በ«ር» መካከል «እ» አለችበት። «ሚኒስትሩ» ወይም «ሚኒስትሮች» ስንል ግን ከ«ር» በኋላ ሌላ አናባቢ ስለሚመጣ ያቺ «እ» ትጠፋለች። ሁለቱን ቃላት አከታትላችሁ በሉና ልዩነቱን አዳምጡ፤ «እ» ስትገባና ስትወጣ በገዛ አፋችሁ ውስጥ የምትሰሙበት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም።

ቁረጡ ማለት ግን ከመቁረጡ ይቀላል። በ«ፓስፖርት» ውስጥ «ስ» የሚደገፈው ከፊቱ ባለው «ፓ» ላይ ነው፤ አፋችን ቃሉን «ፓስ» እና «ፖርት» ብሎ ነው የሚከፍለው። «ፓ» ድንገት ሲነሳ «ስ» መጠጊያ ያጣና ወዲያው «እ»ን ይጠራል። እኔ ያለፍኩት በመካከሉ የሹክሹክታ ደረጃ አስገብቼ ነው። በመጀመሪያ «ፓስፖርት»ን በተለመደው ድምፅ አምስት ጊዜ እላለሁ። ቀጥሎ «ፓ»ን ብቻ በሹክሹክታ፣ «ስፖርት»ን በድምፅ አምስት ጊዜ እላለሁ። ከዚያ «ፓ»ን ከንፈሬ ብቻ ሲያሳየው ድምፁን ሙሉ በሙሉ እተወዋለሁ። በመጨረሻም «ፓ»ን በልቤ ብቻ አስቤ ቀሪውን እናገራለሁ። በየትኛውም ደረጃ ላይ «እ» ተመልሳ ከመጣች አንድ ደረጃ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ለአንድ ቃል ሦስት ደቂቃ ያህል ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በቀን ከአራት ቃላት በላይ አልሞከርኩም፤ የበዛበት ቀን ሁሉ ምላሴ ደክሞ ወደ ቀድሞው ልማዱ ይመለስ ነበርና።

«እ» መግባቷን ወይም አለመግባቷን በጆሮ ብቻ ማወቅ ለእኛ አስቸጋሪ ነው፤ ጆሯችን እንድትገባ የሚፈልጋት እርሱ ራሱ ነውና ስትገባ አያስተውላትም። ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች በብዛት የሚነገረው መፈተኛ እጅን ከአገጭ በታች ማድረግና አገጭ ስንት ጊዜ እንደሚወርድ መቁጠር ነው። እኔ በዚህ ዘዴ አንድ ወር አባክኛለሁ። «እ» አፍ ብዙም ሳይከፈት የሚወጣ አናባቢ ስለሆነ፣ «ስእ-ትእ-ሪት» ብልም አገጬ በጉልህ የሚወርደው «ሪት» ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ፈተናውን ያለፍኩ እየመሰለኝ ስህተቱን ስደጋግም ቆየሁ።

የሠራልኝ መፈተኛ ጉሮሮ ላይ ያለው ነው። ሁለት ጣቶቻችሁን ማንቁርታችሁ ላይ አሳርፉና መጀመሪያ «ስስስስ» ብላችሁ እንደ እባብ ድምፅ አርዝሙ፤ ምንም ንዝረት የለም። ቀጥሎ «ዝዝዝዝ» በሉ፤ ጣታችሁ ይርገበገባል። «ስ»፣ «ት»፣ «ፕ» እና «ክ» ያለ ንዝረት የሚወጡ ድምፆች ሲሆኑ፣ አናባቢ ሁሉ ግን በተለመደው ንግግር ንዝረት አለው። ስለዚህ «ስፖርት» ስትሉ ጉሮሯችሁ በ«ስ» እና በ«ፕ» ጊዜ ሁሉ ጸጥ ብሎ ቆይቶ «ኦ» ላይ መርገብገብ መጀመር አለበት። ከዚያ በፊት አጭር ርግብታ ከተሰማችሁ «እ» ገብታለች። ርግብታው በግልጽ እንዲለይ «ስ»ን ሁለት ሰከንድ ያህል አርዝማችሁ ጀምሩ። ይህ መፈተኛ የሚያገለግለው ግን ያለ ንዝረት ለሚወጡ ድምፆች ብቻ ነው፤ «ድራይቭ» ወይም «ብሉ» በሚሉት ቃላት ላይ ሁሉም ተነባቢዎች ስለሚርገበገቡ ጣት የሚለየው ነገር የለም።

ለእነዚያ ስል የድምፅ ሞገድ ማየት ጀመርኩ። በስልኬ የቀዳሁትን ድምፅ ኮምፒውተር ላይ Audacity በተባለው ነጻ ፕሮግራም ከፍቼ አጉልቼ አየዋለሁ። በትክክል የተነገረ «ስትሪት» ሲታይ፣ መጀመሪያ «ስ» እንደ ጥቅጥቅ ያለ ጭጋግ ሆኖ ይታያል፤ ቀጥሎ ምላስ ለ«ት» መንገዱን ስለዘጋ ሞገዱ ወደ ቀጭን መስመር ይወርዳል፤ ከዚያ አንድ ድንገተኛ ምት፣ ቀጥሎ ትልቁ የአናባቢ ሞገድ ይመጣል። «እ» ስትገባ ግን በጭጋጉና በቀጭኑ መስመር መካከል አንድ ትንሽ፣ እኩል እኩል እየተደጋገመ የሚወጣና የሚወርድ ጉብታ ይታያል። የራሴን ድምፅ የአንድ አሜሪካዊ የሥራ ባልደረባዬ ከቀዳልኝ ተመሳሳይ ቃል ሥር አድርጌ ሳነጻጽረው፣ በእኔ ላይ የነበረው ያ ጉብታ በእርሱ ላይ አልነበረም። ለወራት በጆሮዬ ልለየው ያልቻልኩትን በዓይኔ አየሁት።

«ስፖርት» በሦስት ሳምንት ውስጥ ተስተካከለልኝ። «ስትሪት» ግን ግማሹ ብቻ ነበር የተስተካከለው፤ በ«ስ» እና በ«ት» መካከል የነበረችው «እ» ብትጠፋም በ«ት» እና በ«ር» መካከል ያለችው አልወጣ አለች። ምክንያቱን ያገኘሁት ምላሴ የሚያደርገውን በዝግታ ስከታተል ነው። የእኛ «ር» የሚወጣው የምላስ ጫፍ ከላይኛው ድድ ጋር በፍጥነት ሲነካካ ነው። «ት»ም የሚወጣው የምላስ ጫፍ እዚያው አካባቢ በመዝጋት ነው። ስለዚህ ከ«ት» ወደ «ር» ስንሄድ ምላስ ከድዱ መላቀቅና እንደገና ተመልሶ መንካት አለበት፤ በእነዚያ ሁለት ንክኪዎች መካከል ያለችው ቅጽበት ራሷ ትንሽ «እ» ናት። ጉዳዩ የፍላጎት ወይም የፍጥነት ጉዳይ አልነበረም ማለት ነው፤ የአማርኛን «ር» እስከተጠቀምኩ ድረስ ልትወጣ የማትችል ነበረች።

የአሜሪካ እንግሊዝኛ «ር» ግን ምንም አይነካም። የምላስ ጫፍ ወደ ላይና ትንሽ ወደ ኋላ ይሳብና የላንቃን ጣሪያ ሳይነካ በአየር ላይ ይቆያል፤ ከንፈርም «ው» ልንል ስንል እንደምናደርገው በመጠኑ ይሰበሰባል። ምላስ ከ«ት» ተላቆ ወደዚህ ቦታ ሲንሸራተት ሁለተኛ ንክኪ ስለሌለ «እ» የምትገባበት ክፍተት አይኖርም። እኔን የረዳኝ ዘዴ ከንፈሬን ገና «ት»ን ሳልጀምር አስቀድሜ መሰብሰብ ነው። ያን ሳደርግ «ትሪ» የሚለው ለአማርኛ ጆሮ ወደ «ችሪ» የተጠጋ ሆኖ ይወጣል፤ መጀመሪያ ስህተት የሠራሁ መስሎኝ ነበር፣ ኋላ ግን አሜሪካውያንን ሳዳምጥ እነርሱም ዛፍ የሚለውን ቃል እንዲሁ ወደ «ችሪ» አስጠግተው እንደሚሉት አስተዋልኩ። እንዲያውም ብዙዎቹ በዚሁ ምክንያት «ስ»ን ራሱን ወደ «ሽ» ያስጠጉታል። እስከዚያ መሄድ አያስፈልግም፤ ደብተሬ ላይ «ስችሪት» ብዬ መጻፌ ግን ከየትኛውም ማብራሪያ በላይ ጠቅሞኛል። «ች» የእኛም ድምፅ ስለሆነ ምላሳችን ወደ እርሱ ያለ ጭንቀት ይሄዳል።

ይህን ካገኘሁ በኋላ ቃሉን ከኋላ ወደ ፊት መገንባት ጀመርኩ። ለ«ስትሪት» መጀመሪያ «ኢት»፣ ቀጥሎ በአዲሱ «ር» «ሪት»፣ ቀጥሎ ከንፈር ተሰብስቦ «ትሪት»፤ ይህ ሦስተኛው ያለ እንከን አሥር ጊዜ እስኪወጣ ድረስ «ስ»ን አልነካም ነበር። ከዚያ «ትሪት»ን ሳልነካካ ከፊቱ የረዘመ «ስስስስ» አስቀምጣለሁ። እዚህ ላይ ወሳኙ ነገር «ስ» የሚያበቃበት መንገድ ነው፤ የ«ስ» ፉጨት ሊያበቃ የሚገባው ምላስ ወደ ላይ ጥቂት ከፍ ብሎ አየሩን ሲዘጋ እንጂ አፍ ሲከፈት አይደለም። አፍ ከተከፈተ የሚወጣው አናባቢ ነው። ፉጨቱን ከሁለት ሰከንድ ወደ አንድ፣ ከዚያም ወደ ተለመደው አጭር «ስ» እያሳጠርኩ እሄዳለሁ። ለ«ስትሮንግ»ም ያው ነው፦ «ኦንግ»፣ «ሮንግ»፣ «ትሮንግ»፣ «ስትሮንግ»።

ወደ «ስፖርት» እና «ሰፖርት» ልመለስ፤ ከ«እ» ሌላ የሚለያቸው አንድ ነገር አለና እርሱን ሳላውቅ ብቀር ኖሮ እስከ ዛሬ እቸገር ነበር። አንዲት ቀጭን ወረቀት ከከንፈራችሁ ፊት፣ አንድ ጣት ያህል አርቃችሁ ያዙ። የእንግሊዝኛ ተናጋሪ «ሰፖርት» ሲል «ፖ» ላይ ጠንከር ያለ ትንፋሽ ይወጣና ወረቀቷ ትነቃነቃለች። «ስፖርት» ሲል ግን እምብዛም አትነቃነቅም፤ ከ«ስ» ቀጥለው የሚመጡ «ፕ»፣ «ት» እና «ክ» በእንግሊዝኛ ያን የትንፋሽ ግፊት አያገኙምና። አድማጩ ሁለቱን ቃላት የሚለየው በከፊል በዚህ ትንፋሽ ነው። እኔ «እ»ን ካስወጣሁ በኋላም አልፎ አልፎ አልሰማ ስል የነበረው «ፕ»ን በኃይል ስለምተፋው ነበር። ይህንንም «ፓስፖርት» አስተካከለልኝ፤ እዚያ ቃል ውስጥ «ፖ»ን በልዝብ ስለምንለው።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ ላይ አዲስ ችግር መጣ፤ እርሱም ከእኔ በፊት የተለማመዱ ጓደኞቼን ሁሉ ያጋጠመ ነው። «እ»ን ማጥፋት ልማድ ሲሆን ምላሴ ሊኖሩ የሚገባቸውን አናባቢዎችም ማጥፋት ጀመረ። ድጋፍ ለማለት ፈልጌ «ስፖርት» አልኩ፤ ከታች ለማለት «ቢሎው» ማለት ሲገባኝ መንፋት የሚል ትርጉም ያለውን «ብሎው» አልኩ። መፍትሔው ጥንዶቹን ነጥሎ ሳይሆን ጎን ለጎን መለማመድ ነበር፦ «ስፖርት» ከ«ሰፖርት»፣ «ብሎው» ከ«ቢሎው»፣ ባቡር የሆነው «ትሬን» የመሬት አቀማመጥ ከሆነው «ተሬን» ጋር። እኔ አንዱን ስናገር ባልደረባዬ የሰማውን ቃል ትርጉም በጣቱ ያሳየኛል፤ አንደኛው ከሆነ አንድ ጣት፣ ሁለተኛው ከሆነ ሁለት። ከሃያ ሙከራ አሥራ ስምንቱን በትክክል እስኪሰማልኝ ድረስ ወደ ሌላ ጥንድ አልሄድኩም። ልምምዱን መጀመሪያም በዚህ መንገድ ማድረግ ነበረብኝ ብዬ አስባለሁ፤ አናባቢን መቀነስ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚቀነስ ማወቅም የሥራው ግማሽ ነው።

ከዚህ የባሰው ስህተት ደግሞ ከ«እ» ለመሸሽ ተነባቢን መጣል ነው። ቸኩዬ ሳለሁ «ስትሪት»ን «ስሪት» ያልኩባቸው ቀናት ነበሩ። «ስእ-ትእ-ሪት» ሲባል አብዛኛው አድማጭ ከአውዱ ይደርስበታል፤ «ት» ከጠፋ ግን ቃሉ ራሱ ይጠፋል። ስለዚህ በሥራ ቦታ ገና ያልበሰለልኝ ቃል ሲያጋጥመኝ ከ«እ» ጋርም ቢሆን ሁሉንም ተነባቢዎች እናገር ነበር፤ ልምምዱን ለቤት እተወዋለሁ።

ቃሉ ብቻውን ከተስተካከለ በኋላ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ይቀላል ወይስ ይከብዳል የሚለው ከፊቱ ባለው ቃል ላይ የተመሠረተ ነው። ከፊት ያለው ቃል በአናባቢ ካለቀ በጣም ይቀላል። የእኔ ማለት በሆነው «ማይ» ላይ «ስትሪት» ሲቀጥል፣ «ስ» ወደ ኋላ ተስቦ «ማይስ-ትሪት» እንደማለት ይሆናል፤ ይህም የ«ሚኒስትሪ» ዓይነት አቀማመጥ ስለሆነ ለአፋችን ይመቸዋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቃሉን ብቻውን ከመጥራት ይልቅ ሁልጊዜ ከ«ማይ» ወይም ከ«ዘ» ጋር እናገረው ነበር።

የሚከብደው ከፊት ያለው ቃል ራሱ በተደራረቡ ተነባቢዎች ሲያልቅ ነው። በአቅራቢያችን ባለችው ዋሽንግተን ዲሲ ብዙ መንገዶች የሚጠሩት በቁጥርና በፊደል ስለሆነ፣ አንደኛ መንገድ ማለት የሆነው «ፈርስት ስትሪት» በየጊዜው አፍ ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ «ስት» እና «ስትር» ይገናኛሉ፤ እኔም እያንዳንዱን ተነባቢ ለይቼ ለመጥራት ስታገል «ፈርስትእ-ስእ-ትሪት» እል ነበር። ባልደረባዬን ደጋግሞ እንዲለው አድርጌ ስቀዳው፣ በሞገዱ ላይ የመጀመሪያው «ት» ጨርሶ አልታየም። የሚለው «ፈርስ-ስትሪት» ነበር፤ ሁለቱ «ስ»ዎች ተዋህደው አንድ ረጅም ፉጨት ይሆናሉ፣ ከዚያ «ትሪት» ይቀጥላል። እዚህ ቦታ ላይ ያቺን «ት» መጣል ስህተት አይደለም፤ ቀደም ብዬ ካስጠነቀቅሁት የሚለየውም የተጣለችው «ት» ከ«ስ» በኋላ በቃል መጨረሻ ላይ፣ ሌላ ተነባቢ ሲከተላት መሆኑ ነው። በ«ስትሪት» መጀመሪያ ላይ ያለችው «ት» ግን በፍጹም አትጣልም።

ዛሬ ልምምዱን ካቆምኩ ከዓመት በላይ ሆኖኛል። ሲደክመኝ ወይም በስልክ ስቻኮል የምኖርበት ከተማ ስም ራሱ «ስፕሪንግ» ላይ ሲደርስ ይሰበርብኛል፤ «ስ»፣ «ፕ» እና «ር» ሲከታተሉ «ር»ዋ ወደ አማርኛው ንክኪ ትመለሳለችና። ያን ጊዜ ከንፈሬን አስቀድሜ ሰብስቤ እደግመዋለሁ። ማስተርጎሙንም አልተውኩም፤ በሌላ ሰው ጉዳይ ላይ ስናገር ግን በአንድ ቃል አልተማመንም። አንድ ወላጅ ስፖርት የሚል ነገር ካነሱ፣ ቃሉን ካልኩ በኋላ ኳስ፣ ሩጫ ወይም ዋና የትኛው እንደሆነ ጠይቄያቸው እርሱንም እጨምርበታለሁ፤ መምህሩ የጻፈውንም ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ እጠይቀዋለሁ።